ሳዑዲ ውስጥ ለመንዱብ በካሽ የከፈላችሁበት ዕቃ ሲመለስ፦ ዕቃውን መከታተል፣ ገንዘቡን መቀበል

«ዕቃውን ከመለስኩ ቆየሁ፣ ፍሉሱ የት ገባ?» ሳዑዲ ያለን ሐበሾች ይህን ጥያቄ በየግሩፑ ስንጠያየቅ እንውላለን። መልሱን ስትመረምሩት ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ ሰው የድሮውን መከታተያ ቁጥር እያየ ይቆዝማል፣ ወይ መንዱቡ ገንዘቡን በእጁ ይዞ እንዲመጣ ይጠብቃል፣ ወይ ደግሞ የጓደኛውን አይባን ሰጥቶ ባንኩ መልሶበታል።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱ። በተለይ ሁለተኛውን አትዝለሉ፤ ዕቃው ከቤት ከወጣ በኋላ የሚያስለቅሰው ነገር በሙሉ የሚመጣው ከእሱ ነው።

## ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ገንዘብ ከእጃችሁ መውጣቱን አረጋግጡ

ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ስልካችሁ ላይ «Returned» ወይም «Returned to Shipper» የሚል ሲመጣ ሁልጊዜ ተመላሽ ገንዘብ አለ ማለት አይደለም። ቃሉ አንድ ቢሆንም ከጀርባው የተለያየ ነገር ሊኖር ይችላል።

በር ላይ አልተቀበላችሁም። መንዱቡ መጣ፣ ዕቃውን አልፈለጋችሁትም፣ ወይም ስልክ አላነሳችሁም፣ ዕቃው ተመለሰ። ምንም አልከፈላችሁም፣ ስለዚህ የሚመለስላችሁ ነገር የለም። ሱቁ ገንዘብ መለስኩ የሚል ኢሜይል ሊልክ ይችላል፤ መጠኑን ስታዩት 0 ነው። አትጨቃጨቁ። አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ አለ፦ የዋጋውን ከፊል ቀደም ብሎ በሱቁ አፕ ውስጥ ከነበራችሁ ክሬዲት ከፍላችሁ ቀሪውን ለመንዱብ ልትሰጡ ከነበረ፣ ያ ክሬዲት መመለስ አለበት። አፑ ውስጥ ገብታችሁ ቀሪ ሂሳቡን እዩ።

ከፍላችሁ ተቀበላችሁ፣ ከዚያ መለሳችሁ። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የተጻፈው ለዚህ ነው።

ከፍላችኋል፣ ሲስተሙ ግን አልከፈሉም ይላል። ይህ አደገኛው ነው። ዕቃው እጃችሁ ላይ ነው፣ ገንዘቡን ለመንዱቡ ሰጥታችኋል፣ መከታተያው ላይ ግን «Customer refused» ወይም «Returned» ይላል። መንዱቡ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። እናንተ ምክንያቱን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። በዚያው ቀን፣ ነገ ሳትሉ፣ ለሱቁ በቻት ጻፉ፦ ስንት ሰዓት እንደከፈላችሁ፣ ስንት እንደከፈላችሁ፣ የዕቃውንና የካርቶኑን ፎቶ። ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ ብትናገሩ ግን ቅርንጫፉ የቀኑን ካሽ ቆጥሮ ዘግቷል፣ ነገሩ የእናንተ ቃልና የመንዱቡ ቃል ይሆናል።

በተቃራኒው፣ መንዱቡ ሳይመጣ «አልተቀበለም» ብሎ ከጻፈባችሁም ዝም አትበሉ። እንዲህ ዓይነት መዝገብ ሲደጋገም ብዙ ሱቆች በስልክ ቁጥራችሁ ላይ ካሽ የመክፈሉን አማራጭ ያጠፉታል።

## ደረጃ 2፦ የመመለሻ ጥያቄ ከማስገባታችሁ በፊት የሚዘጋጅ

### ቀኑን ቁጠሩ

የሳዑዲ የኢ-ኮሜርስ ሕግ በ2019 የወጣ ነው። አንቀጽ 13 ገዢው ዕቃውን ከተረከበ በ7 ቀን ውስጥ ግዢውን ማፍረስ እንደሚችል ይናገራል፣ ዕቃውን እስካልተጠቀመበት ድረስ። የመመለሻው ወጪ፣ ከሻጩ ጋር ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የገዢው ነው። በትእዛዝ ለእናንተ ብቻ የተሰራ ዕቃን የመሳሰሉ ከዚህ የሚወጡ ነገሮች አሉ። ትልልቅ ሱቆች ከ7 ቀን በላይ የሚሰጡ አሉ፣ እሱን የምታገኙት ትእዛዙ ስር ነው። እዚያ የተጻፈውን ቀን ስክሪንሾት አንሱ።

ዕቃው የተበላሸ ወይም ሌላ ዕቃ ከሆነ የተላከላችሁ፣ ምክንያት ስትመርጡ «ሐሳቤን ቀየርኩ» የሚለውን አትንኩ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ያገኘውን ይጫናል። ምክንያቱ የመመለሻውን ወጪ ማን እንደሚከፍል ይወስናል፣ አንዴ ከላካችሁት በኋላ ማስቀየር ደግሞ ራስ ምታት ነው።

### ትእዛዙ በማን ስም ነው?

ይህ የእኛ ሰው ልዩ ችግር ነው። በራሷ ስልክ አፑን ያላወረደች እህት በጓደኛዋ ወይም በማዳሟ አካውንት ታዛለች፣ ካሹን ግን ራሷ ለመንዱቡ ትከፍላለች። ዕቃው ሲመለስ ገንዘቡ የሚሄደው ለከፈለው ሰው አይደለም፤ ትእዛዙ ለወጣበት አካውንት ነው። ሱቁ ካሹን ከማን እጅ እንደተቀበለ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ በሰው አካውንት ካዘዛችሁ፣ ዕቃውን ከመመለሳችሁ በፊት ከአካውንቱ ባለቤት ጋር በጽሑፍ ተነጋገሩ፣ ዋትሳፕ ይበቃል፤ ገንዘቡ በክሬዲት ይመጣል ወይስ በባንክ፣ መቼ ትሰጠኛለሽ የሚለውን ጨምራችሁ።

### ክሬዲት ወይስ ባንክ?

ካሽ በካሽ አይመለስም። መንዱቡ ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ ገንዘብ ይዞ አይመጣም። ሁለት መንገድ አለ፦ ወይ በሱቁ አፕ ውስጥ ክሬዲት ሆኖ ይገባል፣ ወይ ወደ ባንክ ሂሳባችሁ ይተላለፋል። ክሬዲቱ ፈጣን ነው፣ ግን እዚያው ሱቅ ገዝታችሁ ካልጨረሳችሁት ሌላ ቦታ አይሰራም። አንዳንድ ሱቅ ጊዜ ገደብም ያደርግበታል። ባንኩ ይዘገያል፣ ግን እውነተኛ ገንዘብ ነው። አገር ቤት መላክ የምትፈልጉ ከሆነ ባንኩን ምረጡ።

ጥንቃቄ፦ ብዙ አፕ ላይ ካሽ የተከፈለበት ዕቃ ሲመለስ ቀድሞ ተመርጦ የሚመጣው ክሬዲቱ ነው። ሳታዩ «Continue» ከተጫናችሁ አለቀ። ክሬዲቱ ከገባ በኋላ ወደ ባንክ እንዲቀየር መጠየቅ ይቻላል፣ የሚቀበል አለ፣ የማይቀበልም አለ።

ሌላ ሰው የሚገርመው ነገር፦ በር ላይ በመንዱቡ ማሽን በማዳ ካርድ ከፍላችሁም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ ትእዛዙ የተመዘገበው «ሲደርስ የሚከፈል» ተብሎ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በራሱ ወደ ካርዱ ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ። አይባን ይጠየቃል።

### አይባኑ

የሳዑዲ አይባን 24 ቁምፊ ነው፦ SA የሚሉት ሁለት ፊደሎችና 22 አሃዝ። የካርዳችሁ ፊት ላይ ያለው 16 አሃዝ አይባን አይደለም፤ እሱን ለማንም በቻት አትስጡ። ትክክለኛው የባንካችሁ አፕ ውስጥ አለ፣ ከዚያ ኮፒ አድርጉት፣ በእጅ አትጻፉት። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ፣ ከSA ቀጥሎ ያሉትን ሁለት አሃዞች ዝለሉና የሚቀጥሉትን ሁለት እዩ፤ ባንኩን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። 80 ከሆነ አልራጅሒ፣ 10 ከሆነ አልአህሊ፣ 05 ከሆነ አልኢንማ፣ 20 ከሆነ ሪያድ ባንክ ነው።

ደመወዛችሁ የሚገባው በዋሌት ከሆነም አፑ ውስጥ አይባን ይሰጣችሁ እንደሆነ ፈልጉ። የኢትዮጵያ የባንክ ሂሳብ ግን እዚህ አይሰራም። አገራችን አይባን አትጠቀምም፣ ፎርሙም አይቀበለውም።

አሁን ዋናው፦ ስም። አይባኑ የተከፈተበት ስምና ለሱቁ የምትሰጡት ስም ካልተገጣጠመ ዝውውሩ ሊመለስ ይችላል። አፑ ላይ «ሂዊ» ብላችሁ ተመዝግባችሁ ባንኩ ላይ «ሕይወት» ከነአባትና ከነአያት ስም ከሆነ፣ የመመለሻ ፎርሙ ላይ የባንኩን ስም በባንኩ አጻጻፍ፣ ፊደል በፊደል አስገቡ። ኢቃማችሁና ፓስፖርታችሁ ላይ አጻጻፉ ከተለያየ የምትከተሉት ባንኩን ነው። የጓደኛ አይባን መስጠት የማይቀር ከሆነ አስቀድማችሁ ሱቁን በቻት ጠይቁ፣ «ይቻላል» ያሉበትንም ጽሑፍ አስቀሩ።

## ደረጃ 3፦ ዕቃውን ስታስረክቡ

1. ዕቃውን በነበረበት ካርቶን ወይም ከረጢት፣ ከነታጉ፣ ከነፋቱራው አሽጉ። ከማሸጋችሁ በፊት አጭር ቪዲዮ ቅረጹ፤ ዕቃው፣ ታጉ፣ ሲታሸግ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር፣ ሁሉም በአንድ ቀረጻ። «ባዶ ካርቶን ነው የደረሰን» ሲሉ የሚያድናችሁ ይህ ነው።
2. መንዱቡ ሲመጣ አዲስ ስቲከር ይለጥፋል ወይም በስልኩ ስካን ያደርጋል። ስካን ሳያደርግ ዕቃውን አትስጡ። «ቢሮ ሄጄ አደርገዋለሁ» ካለ፣ በጨዋ ደንብ፣ ስካን ስታደርግ ና በሉት።
3. ስቲከሩን ፎቶ አንሱ። እዚያ ላይ ያለው ቁጥር አዲሱ መከታተያችሁ ነው።
4. ወረቀት ከሰጠ ተቀበሉ፣ ካልሰጠ ወደ ስልካችሁ ሜሴጅ መምጣቱን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ።

ከቤት መውጣት የማትችሉ ከሆነና ዕቃውን ሐሪሱ ወይም ሹፌሩ የሚያስረክብላችሁ ከሆነ፣ ፎቶውን እሱ አንስቶ እንዲልክላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

መንዱቡ ኮድ ሊጠይቃችሁ ይችላል። የማስረከቢያ ኮድ ከራሱ ከሱቁ ወይም ከአመላላሹ የሚመጣ ነው፣ ሜሴጁም ስለ ዕቃ ይናገራል፤ እሱን መስጠት ትችላላችሁ። ከባንክ የመጣ፣ ወይም የገንዘብ መጠን የተጻፈበት፣ ወይም ከነፋዝ የመጣ ኮድ ከሆነ ግን ለማንም አይሰጥም። ገንዘብ ለመቀበል የባንክ ኮድ አያስፈልግም። በሳዑዲ ፖስታ ስም «ተመላሽዎን ለመቀበል ይህን ይጫኑ» የሚል ሜሴጅ ከመጣም ሊንኩን አትንኩ፤ በአጭበርባሪ የተለመደ መንገድ ነው።

## ደረጃ 4፦ ትክክለኛውን ቁጥር ተከታተሉ

አንድ ትእዛዝ ሲመለስ ቢያንስ ሦስት ቁጥር ይኖረዋል፦ የትእዛዙ ቁጥር፣ ዕቃው ወደ እናንተ የመጣበት መከታተያ፣ እና ዕቃው ከእናንተ የሄደበት መከታተያ። ሰው የሚጠፋው ሁለተኛውን ይዞ ነው። እሱን አራሜክስ ወይም ኤስኤምኤስኤ ገጽ ላይ ብታስገቡት ለዘላለም «Delivered» ነው የሚላችሁ፣ እውነቱንም ነው፣ ወደ እናንተ ደርሶ ነበር። የሚያስፈልጋችሁ ሦስተኛው፣ ከስቲከሩ ላይ ፎቶ ያነሳችሁት ነው።

የሚመልሰው ድርጅት ያመጣው ድርጅት ላይሆን እንደሚችልም አስቡ። ቁጥሩ «not found» ካለ መጀመሪያ ስቲከሩ ላይ የማን ስም እንዳለ እዩ፣ ከዚያ የዚያን ድርጅት ገጽ ክፈቱ።

ስትከታተሉ የምታዩት በግምት ይህን ይመስላል፦

- «Picked up»፦ መንዱቡ ወስዷል። ዕቃው ከእናንተ ኃላፊነት የወጣው እዚህ ላይ ነው።
- «In transit»፦ በቅርንጫፎች መካከል ነው። ከአብሃ ወይም ከጂዛን ወደ ሪያድ ከሆነ ከከተማ ውስጥ የበለጠ ይቆያል።
- «Delivered»፦ በአዲሱ ቁጥር ላይ ይህ ከመጣ መጋዘን ደርሷል ማለት ነው። ያን ቀን ስክሪንሾት አንሱ። የገንዘቡ ቆጠራ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ወይም ከፍተሻው ማለቂያ ነው፤ መንዱቡ ከወሰደበት ቀን አይደለም።

ካልሄደ፦ «Picked up» ካለ በኋላ ሦስት የሥራ ቀን ያለምንም ለውጥ ከቆየ ለሱቁ ጻፉ። ወደ አመላላሹ ብትደውሉ «ደንበኛችን ሱቁ ነው» ይሏችኋል፣ ያደርቋችኋል። ውሉ ያለው በእነሱ መካከል ስለሆነ፣ የጠፋውን ዕቃ እንዲፈልግ የመጠየቁ ሥራ የሱቁ ነው። እናንተ የስቲከሩን ፎቶና የወሰደበትን ቀን ላኩ።

«Picked up» ራሱ ካልመጣ፦ ዕቃውን ሰጥታችኋል ግን ሲስተሙ ላይ የለም። አንድ ቀን ጠብቁ፣ መንዱቦች ማታ ላይ በአንድ ላይ የሚያስገቡበት ጊዜ አለ። በማግስቱም ከሌለ መንዱቡ የደወለበትን ቁጥር፣ ሰዓቱንና ቪዲዮውን ይዛችሁ ቻት ክፈቱ።

## ደረጃ 5፦ መጋዘን ከደረሰ በኋላ

እዚህ ዕቃው ተከፍቶ ይታያል። አንዳንድ ሱቅ ፍተሻውን ሳይጠብቅ፣ ዕቃው ስካን እንደተደረገ ገንዘቡን ይለቃል። ሌላው ቁጭ ብሎ ይመረምራል። በቅናሽ ወቅት፣ በተለይ በኅዳር አካባቢ ባለው የኋይት ፍራይደይ ሽያጭ ማግስት፣ መጋዘኑ በተመላሽ ዕቃ ስለሚሞላ ፍተሻው ይንዛዛል።

የምትጠብቁት መልስ ተቀበልን ወይም አልተቀበልንም የሚል ነው። አልተቀበልንም ካሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። «ተጠቅመውበታል» ካሉ ያነሱትን ፎቶ እንዲልኩ ጠይቁና ከቪዲዮአችሁ ጋር አስተያዩ። ዕቃውን መልሰው ሊልኩላችሁ ይችላሉ፤ ቪዲዮአችሁ የሚያስረዳ ከሆነ ጉዳዩ እንዲታይ ሳትጠይቁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉት።

### ስንት ነው የሚመለሰው?

ሰው የሚናደደው ስለ ቀኑ ብቻ አይደለም፣ «ጎድሎ መጣ» የሚለውም አለ። በምሳሌ እንየው። ጫማ 190 ሪያል፣ ጃኬት 150 ሪያል፣ ድምር 340 ገዛችሁ እንበል። በኩፖን 10 ከመቶ፣ ማለትም 34 ሪያል ተቀነሰ፣ 306 ሆነ። በካሽ ለመክፈል የሚጨመረው 15 ሪያል ተደምሮ ለመንዱቡ 321 ሰጣችሁ። ጫማው ጠበባችሁና እሱን ብቻ መለሳችሁ።

የሚመለሰው 190 አይደለም። ኩፖኑ በሁለቱም ዕቃ ላይ ስለተከፋፈለ የጫማው ድርሻ 19 ሪያል ነው፤ ስለዚህ 171 ይመጣል። 15 ሪያሏ የአገልግሎት ክፍያ ስለሆነች ብዙ ጊዜ አትመለስም። ሱቁ ለማንሻ የሚያስከፍል ከሆነ ከ171ዱ ላይ ይቀንሳል። ግብሩ፣ የ15 ከመቶው ቫት፣ ዋጋው ውስጥ ስላለ ለብቻው አትጠብቁት። ጫማው ተበላሽቶ ወይም ተሳስቶ የመጣ ከሆነ ግን የማንሻውን ክፍያ ሊያስከፍሏችሁ አይገባም፣ ተከራከሩ።

## ደረጃ 6፦ ቀኑን እንዴት ትቆጥራላችሁ

እዚያው የጫማ ምሳሌ ላይ እንቆይ። ሱቁ «ወደ ባንክ እስከ 7 የሥራ ቀን» ብሎ ጽፏል እንበል። የእናንተ ሱቅ ሌላ ቁጥር ሊኖረው ይችላል፣ የመመለሻ ገጹ ላይ ያለውን ተኩበት።

ዕቃው እሑድ ደረሳችሁ። ማክሰኞ የመመለሻ ጥያቄ አስገባችሁ። ሐሙስ ማታ መንዱቡ ወሰደ። ዓርብና ቅዳሜ የሳዑዲ ዕረፍት ነው፣ ዕቃው ቅርንጫፍ ውስጥ ያድራል። እሑድ ተነሳ፣ ማክሰኞ መጋዘን ገባ፣ ረቡዕ ተፈትሾ «Refund issued» የሚል መጣ።

ክሬዲት መርጣችሁ ከሆነ ያን ዕለት ወይም በማግስቱ አፑ ውስጥ ታዩታላችሁ። ባንክ ከሆነ ቆጠራው ከሐሙስ ይጀምራል፦ ሐሙስ 1፣ ዓርብና ቅዳሜ አይቆጠሩም፣ እሑድ 2፣ ሰኞ 3፣ ማክሰኞ 4፣ ረቡዕ 5፣ ሐሙስ 6፣ እንደገና ዓርብና ቅዳሜ፣ እሑድ 7። መንዱቡ ከወሰደበት ሐሙስ ጀምሮ 17 ቀን ማለት ነው፣ ማንም ሳያጠፋ። «7 ቀን አሉኝ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ» የሚለው ጭቅጭቅ መነሻው ይህ ነው። በመካከል ዒድ፣ የመስከረም 23 ብሔራዊ ቀን ወይም የየካቲት 22 ምሥረታ ቀን ከገባ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የበዓሉን ቀን ጨምሩ።

በሳዑዲ ባንኮች መካከል ገንዘብ በደቂቃ የሚደርስበት ሥርዓት አለ፣ ሳሪዕ ይባላል፣ ከ2021 ጀምሮ። ታዲያ ለምን ይዘገያል? ቀኑን የሚበላው ባንኩ አይደለም። የሱቁ የሂሳብ ክፍል ተመላሾችን እየሰበሰበ፣ እያጸደቀ በአንድ ላይ ስለሚልክ ነው። ስለዚህ ቀኑ ሳያልፍ ባንክ ሄዶ ሰልፍ መያዝ ዋጋ የለውም።

## ደረጃ 7፦ «Refunded» ይላል፣ ገንዘቡ ግን የለም

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. መጀመሪያ የሱቁን አፕ ዋሌት ክፈቱ። ገንዘቡ ሳታውቁት በክሬዲት ገብቶ ሊሆን ይችላል። «ጠፋብኝ» ከሚሉት ብዙዎቹ እዚያ ነው የሚያገኙት።
2. የባንካችሁን ዝርዝር በሱቁ ስም አትፈልጉ፤ በመጠኑ ፈልጉ። ላኪው የሚታየው በድርጅቱ ሕጋዊ ስም ወይም በክፍያ አስተላላፊ ስም ሊሆን ይችላል፣ ከአፑ ስም ጋር አይመሳሰልም። በእኛ ምሳሌ 171 የሚል ነው የምትፈልጉት።
3. ፎርሙ ላይ ያስገባችሁትን አይባን እንደገና እዩት። አንድ አሃዝ ተሳስቶ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሲስተሙ አይቀበለውም፤ የቆየ ወይም የተዘጋ ሂሳብ ከሆነ ግን ዝውውሩ ተልኮ ወደ ሱቁ ይመለሳል፣ አፑ ላይ ያለው «Refunded» ግን ላይቀየር ይችላል።
4. አሁን ሱቁን ጠይቁ። «ገንዘቤ የት አለ?» አትበሉ፣ «ተልኳል፣ ይጠብቁ» የሚል መልስ ነው የምታገኙት። የዝውውሩን ቁጥር፣ በዐረብኛ ረቅም አልሐዋላ፣ የተላከበትን ቀን፣ መጠኑን፣ እና የተላከበትን አይባን የመጨረሻ አራት አሃዝ ጠይቁ።
5. ቁጥሩን ይዛችሁ ባንካችሁ ዘንድ ሂዱ። ባንኩ «አልደረሰንም» ካለ ወይም «በስም ልዩነት መልሰነዋል» ካለ፣ ያን በጽሑፍ ወይም በሜሴጅ ተቀብላችሁ ለሱቁ ላኩና በትክክለኛው ስም እንደገና እንዲልክ ጠይቁ።

ሱቁ የዝውውር ቁጥር መስጠት ካልቻለ፣ ገንዘቡ ገና አልተላከም ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

## ከቲክቶክና ከስናፕ ሻጭ ከገዛችሁ

እዚህ የመመለሻ ቁልፍ የለም፣ ሁሉም ነገር በዋትሳፕ ነው። ሻጩ በብዛት የሚላችሁ «መንዱቡ ገንዘቡን አልሰጠኝም» ነው። ውሸት ላይሆን ይችላል። አመላላሽ ድርጅት የሰበሰበውን ካሽ የራሱን ክፍያ ቀንሶ ለሻጩ የሚያስገባው በየተወሰነ ጊዜ ሰብስቦ ነው። ግን ያ የእነሱ ሂሳብ ነው። እናንተ የገዛችሁት ከሻጩ ነው፣ የሚመልስላችሁም ሻጩ ነው።

ዕቃውን ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ አስቀምጡ፦ ስንት እንደሚመልስ፣ መቼ እንደሚልክ፣ ወደ የትኛው አይባን። የንግድ ምዝገባ ቁጥሩን ወይም ፋቱራውን ጠይቁ። ይህን የማይሰጥ ሻጭ ከሆነ በኋላ የምትከሱት ሰው አይኖራችሁም። የሚቻል ከሆነ ከመጀመሪያውም በር ላይ ዕቃውን ሳታዩ አትክፈሉ፣ ገንዘቡንም ወደ መንዱቡ የግል ሂሳብ አታስተላልፉ፤ ለእሱ የላካችሁት ገንዘብ ከትእዛዙ ጋር የሚያያዝበት መረጃ የለውም።

## ደረጃ 8፦ ቀኑ አልፎ መልስ ከሌለ

ሱቁ የጻፈው ቀን ካለቀ፣ አንድ የመጨረሻ መልእክት ላኩ፤ የትእዛዝ ቁጥር፣ የመመለሻ ቁጥር፣ መጋዘን የደረሰበት ቀን፣ መጠን፣ አይባን፣ ሁሉም በአንድ መልእክት። የቅሬታ ቁጥር ስጡኝ በሉ። በስልክ የተባለ ነገር በኋላ ማስረጃ አይሆንም፣ ስለዚህ ከደወላችሁም የተባባላችሁትን በቻት ድገሙት።

ከዚያ ወደ ንግድ ሚኒስቴር ነው የሚኬደው። ስልኩ 1900 ነው፣ «በላግ ቲጃሪ» የሚባል አፕም አላቸው። አቤቱታው ላይ የምታያይዙት፦ ፋቱራው፣ የስቲከሩ ፎቶ፣ በአዲሱ ቁጥር «Delivered» የሚለው ስክሪንሾት፣ የመመለሻ ፖሊሲው ስክሪንሾት እና ከሱቁ ጋር ያደረጋችሁት ቻት። ምክንያቱ ላይ ረጅም ታሪክ አትጻፉ። «ዕቃውን በዚህ ቀን መለስኩ፣ በዚህ ቀን ደረሳቸው፣ ይህን ያህል ሪያል እስካሁን አልመለሱም» በቂ ነው።

ዐረብኛ መጻፍ የሚከብዳችሁ ከሆነ፣ የሚጽፍላችሁ ሰው «ኢስቲርጃዕ አልመብለግ» የሚለውን፣ ማለትም ገንዘብ ማስመለስን፣ ርዕሱ ላይ እንዲያስገባ ንገሩት። አቤቱታው የሚገባው ትእዛዙ በስሙ በወጣ ሰው ነው። በማዳም ወይም በጓደኛ አካውንት ያዘዛችሁ ከሆነ አቤት ማለት ያለባት እሷ ናት፣ ፋቱራውም በእሷ ስም ስለሆነ።

ሱቁ አቤቱታው ከገባ በኋላ ሊደውልላችሁና «አቤቱታውን ዝጉልን፣ ነገ እንልካለን» ሊል ይችላል። ገንዘቡ ሂሳባችሁ ውስጥ ሳይገባ አትዝጉ።